የተሰነጠቀ የጣሪያ ትራስ፦ የድሬዳዋ ጥገና

ቆርቆሮው ከተመታ ከሳምንታት በኋላ ጣሪያውን የሚሸከመው የባህር ዛፍ ማዕቀፍ፣ ማለትም የትራሱ፣ የታች አግዳሚ ተጠመዘዘ፤ ጫፉም በሚስማሮቹ መስመር ተሰነጠቀ። ጭነቱ አልበዛም፤ እንጨቱ እርጥብ ነበር።

ይህን ለማረጋገጥ ከተረፈው እንጨት፣ ከጫፉ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ፣ ቁራጭ ተወሰደ። ሲመዘን 270 ግራም፤ በ103 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ሲደርቅ 180 ግራም ሆነ። የወጣው 90 ግራም ለደረቁ ክብደት ሲካፈል እርጥበቱ 50 በመቶ ነው።

እንጨት በዋናነት የሚኮማተረው እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። በእድገት ቀለበቱ ዙሪያ ያለው መኮማተር ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ካለው እጥፍ ያህል ስለሆነ እንጨቱ ይሰነጠቃል። መጠምዘዙ ደግሞ የእንጨቱ ጭረት፣ ማለትም የቃጫዎቹ መስመር፣ ጠመዝማዛ ከመሆኑ ይመጣል። በድሬዳዋ ሙቀት ቆርቆሮ ስር ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ነገሩ ይባባሳል።

ትራሱ በድጋፍ ተይዞ አግዳሚው ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ስንጥቁን በሽቦ ማሰር ስንጥቁን ከመደበቅ አያልፍም።

ተተኪው እንጨት አስቀድሞ ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተደረደረ። በየረድፉ መሃል ባለ 2.5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ዘንጎች በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ገቡ፤ ዘንጎቹ አንዱ በሌላው ትክክል ካልተቀመጡ ጣውላው እዚያው ይጎብጣል። ውሃ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ጫፎቹ ዘይት ቀለም ተቀቡ፤ ከላይም ድንጋይ ተጫነ። እንጨቱ የተሰቀለው ከእሱ የተወሰደው ናሙና እርጥበት ከ15 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ቀዳዳዎቹ ከሚስማሩ ቀጠን ባለ መሰርሰሪያ ቀድመው ተበሱ፤ ሚስማሮቹም በአንድ ጭረት ላይ እንዳይሰለፉ ግራና ቀኝ ተዛነፉ።