ከተማ ስትቀይሩ ጂሙን እንዳትረሱት

ከሎስ አንጀለስ ወደ ሲያትል ከመጣሁ በኋላ የድሮው ጂም አራት ወር ሙሉ 39 ዶላር ሲቆርጥብኝ ከረመ። ደውዬ "ተውኩት" ብዬ ነበር እኮ! ለካ የውሉ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ስረዛ በደብዳቤ ብቻ፣ ያውም ከ30 ቀን በፊት ይላል።

በካሊፎርኒያ ሕግ ከ25 ማይል በላይ ርቃችሁ ከሄዳችሁ፣ አባልነቱን ወደ ተመሳሳይ ጂም ማዛወርም ካልተቻለ፣ ውሉን ማፍረስ ትችላላችሁ። ለዚህ እስከ 100 ዶላር ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ፤ ከውሉ ዘመን ከግማሽ በላይ ካለፈ ግን ከ50 አይበልጥም።

ደብዳቤውን በሰርቲፋይድ ሜይል ላኩት፣ የአዲሱን ቤት የኪራይ ውል ኮፒም አያይዙ። ደረሰኟን እንዳትጥሏት። ካርዱን ብቻ ዘግቶ ዝም ማለት አያዋጣም፤ ዕዳው ኮሌክሽን ሊገባ ይችላል።