ሲሪስና ፓራለል በተደባለቀበት ሰርኪዩት ከረንትና ቮልቴጅ እንዴት ይሰላል?

ብዙ ተማሪ የኦምን ሕግ ያውቃል፣ የፓራለሉንም ቀመር በቃሉ ይዞታል። አምስት ሬዚስተር ያለበት ስዕል ሲሰጠው ግን የመጀመሪያ ሥራው የባትሪውን 12 ቮልት ለእያንዳንዱ ሬዚስተር ማካፈል ይሆናል። ሒሳቡ በራሱ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ሰው የሚስተው ስዕሉን ሲያነብ ስለሆነ፣ እኔም ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለንባቡ ነው።

የምንሠራበት ሰርኪዩት ይኸውና፦

```
 (+)──R1──A──R2──┐
  |       |      |
  |       R3     |
 12V      |      |
  |       R4     |
  |       |      |
 (−)──R5──B──────┘

R1 = 3 Ω   R2 = 12 Ω   R3 = 2 Ω
R4 = 4 Ω   R5 = 1 Ω
```

1. ሽቦውን ቀለም ቀቡት

ከስሌት በፊት ባለቀለም እርሳስ አንሱ። እስክሪብቶ አልመክርም፤ ስትሳሳቱ አይጠፋም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሱና ሬዚስተር እስኪያጋጥማችሁ ድረስ ሽቦውን በአንድ ቀለም ተከተሉት። ሽቦው ቢታጠፍም፣ ሁለት ሦስት ቦታ ቢከፈልም ቀለሙ ያው ነው። ሬዚስተር ስትሻገሩ ብቻ ቀለም ትቀይራላችሁ።

በእኛ ስዕል ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ R1 ያለው ቀይ ይሁን። A የተባለው መገናኛና እሱን የነካው ሽቦ ሁሉ ሰማያዊ ነው። በR3 እና በR4 መካከል ያለችው አጭር ሽቦ አረንጓዴ ትሁን። ከR2 ቀኝ ጫፍ ወርዶ B ላይ የሚደርሰው ረጅም ሽቦ ቢጫ ነው፤ የR4 የታች ጫፍና የR5 ቀኝ ጫፍም እዚያው ቢጫ ላይ ናቸው። ከR5 እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ያለው ጥቁር ይሁን።

አሁን ስዕሉን ለጊዜው እርሱትና እያንዳንዱ ሬዚስተር በየትኞቹ ሁለት ቀለሞች መካከል እንዳለ ጻፉ፦

```
R1: ቀይ – ሰማያዊ
R2: ሰማያዊ – ቢጫ
R3: ሰማያዊ – አረንጓዴ
R4: አረንጓዴ – ቢጫ
R5: ቢጫ – ጥቁር
```

ከዚህ ዝርዝር ሁለት ነገር ብቻ ትፈልጋላችሁ። ሁለት ሬዚስተሮች በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቀለም ከነኩ ፓራለል ናቸው። አንድ ቀለም ከተጋሩና ያንን ቀለም ሌላ ሦስተኛ ነገር ካልነካው ደግሞ ሲሪስ ናቸው። ባትሪውም እንደ ሦስተኛ ነገር ይቆጠራል።

በዚህ መለኪያ R1 እና R2ን እንያቸው። ስዕሉ ላይ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተደርድረዋል፤ ዓይን "ሲሪስ ናቸው" ይላል። የሚጋሩትን ሰማያዊ ግን R3ም ነክቶታል። በR1 ያለፈው ከረንት A ላይ ሲደርስ ለሁለት ስለሚከፈል በR2 የሚያልፈው ሁሉም አይደለም፤ ስለዚህ ሲሪስ አይደሉም። 3ን እና 12ን ደምሮ 15 ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሁሉ ከንቱ ነው።

R2 እና R3 ደግሞ ሁለቱም ከA ስለሚነሱ ፓራለል ይመስላሉ። መነሻቸው አንድ ነው፣ መድረሻቸው ግን አንዱ ቢጫ ሌላው አረንጓዴ ነው። ፓራለል ለመባል ሁለቱም ጫፍ መግጠም አለበት።

ሲሪስ ሆነው የሚቀሩት R3 እና R4 ብቻ ናቸው፤ አረንጓዴን ከእነሱ ሌላ የሚነካ የለም። መነሻችን እዚያ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ፈተና ላይ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት ቀለም የሆነ ሬዚስተር ካገኛችሁ በሽቦ ሾርት ተደርጓል ማለት ነው። ከረንት አያልፍበትም፤ ከስዕሉ አውጡት።

2. እያጠፋችሁ አሳንሱ

በየደረጃው አዲስ ትንሽ ስዕል ሳሉ፤ አሮጌውን ግን አትሰርዙት፣ ስንመለስ ያስፈልገናል። R3 እና R4 ተደምረው 6 ኦም ይሆናሉ። ይህ አዲሱ ሬዚስተር ሰማያዊና ቢጫን ይነካል፤ R2ም እንዲሁ። አሁን ፓራለል ሆኑ። ሁለቱ ሲዋሃዱ ሰማያዊን የሚነኩት R1 እና አዲሱ ሬዚስተር ብቻ ስለሚሆኑ፣ የቀሩት በሙሉ ሲሪስ ናቸው።

```
R34  = 2 + 4 = 6 Ω
R234 = (12 × 6) / (12 + 6) = 4 Ω
Rt   = 3 + 4 + 1 = 8 Ω
```

ብዜትን ለድምር የማካፈሉ አቋራጭ የሚሠራው ለሁለት ሬዚስተር ብቻ ነው። ሦስት ባለ 6 ኦም ፓራለል ላይ ብትሞክሩት 216 ለ18 ተካፍሎ 12 ይወጣል፤ ትክክለኛው መልስ 2 ነው። የፓራለል ውጤት ምንጊዜም ከትንሹ ሬዚስተር ያነሰ መሆን ስላለበት ስህተቱ በዓይን ይያዛል። እኔ አቋራጩን ትቼ በካልኩሌተሩ የx⁻¹ ቁልፍ መሥራት ይቀለኛል። እንዲያ የሚሠራ ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ግልበጣ ነው፦ 12 እና 6 ተገልብጠው ሲደመሩ 0.25 ይመጣል፣ እሱ ራሱ ተገልብጦ ነው 4 የሚሆነው።

3. ጠቅላላ ከረንት

12 ቮልት ለ8 ኦም ሲካፈል 1.5 አምፒር ነው።

4. የታጠፈውን መልሳችሁ ዘርጉ

እዚህ ላይ በየእርምጃው "ከትንሹ ስዕል ወደ ትልቁ ሳልፍ ሳይለወጥ የሚሻገረው ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሲሪስ የነበረውን ስትዘረጉ የሚሻገረው ከረንቱ ነው። ፓራለል የነበረውን ስትዘረጉ የሚሻገረው ቮልቴጁ ነው።

በመጨረሻው ስዕል ሦስት ሬዚስተሮች በሲሪስ ቆመዋል፤ በሦስቱም 1.5 አምፒር ያልፋል። ስለዚህ R1 ላይ 4.5 ቮልት፣ 4 ኦም ሆኖ በተዋሃደው ላይ 6 ቮልት፣ R5 ላይ 1.5 ቮልት ያርፋል። ድምሩ 12 ነው።

ቀጥሎ ያንን 4 ኦም እንዘርጋ። ፓራለል ስለነበር የሚሻገረው 6 ቮልቱ ነው፤ R2ም 6 ቮልት፣ R34ም 6 ቮልት ያገኛሉ። በR2 የሚያልፈው 6 ለ12፣ ማለትም 0.5 አምፒር ነው፤ በR34 የሚያልፈው 6 ለ6፣ 1 አምፒር ነው። አንድ ላይ 1.5 ስለሚሆኑ A ላይ ከገባው ጋር ይስማማሉ። በመጨረሻ R34 ይዘረጋል፤ ሲሪስ ስለነበር 1 አምፒሩ ይሻገራል፣ R3 ላይ 2 ቮልት፣ R4 ላይ 4 ቮልት ያርፋል።

ሁለት ስህተት እዚህ ይደጋገማል። አንደኛው ለፓራለሉ ክፍል ሙሉውን 12 ቮልት መስጠት ነው፤ R1 እና R5 ድርሻቸውን እንደወሰዱ ተረሳ ማለት ነው። እንዲያ ከተሠራ በR2 1 አምፒር፣ በR34 2 አምፒር ያልፋል፤ ድምሩ 3 ነው፣ በR1 የመጣው ግን 1.5 ብቻ ነበር። ሁለተኛው ከረንቱን እኩል መክፈል ነው። ለየመንገዱ 0.75 ከተሰጠ R2 ላይ 9 ቮልት፣ R34 ላይ 4.5 ቮልት ይወጣል። ሁለቱም ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚሄዱ ሆነው ሳለ የተለያየ ቮልቴጅ ሊኖራቸው አይችልም።

5. በቀለሞቹ ላይ ቮልት ጻፉ

የምወደው ማረጋገጫ ይህ ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ፣ ጥቁሩን፣ ዜሮ በሉትና ለእያንዳንዱ ቀለም ቮልቱን ስጡት። ቀይ 12፣ ሰማያዊ 12 ሲቀነስ 4.5 ስለሆነ 7.5፣ አረንጓዴ 5.5፣ ቢጫ 1.5። አንዱ ቀለም በሁለት መንገድ ተሰልቶ ሁለት ቁጥር ከሰጠ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። ለምሳሌ ቢጫ በR2 በኩል 7.5 ሲቀነስ 6፣ በR4 በኩል 5.5 ሲቀነስ 4፤ በሁለቱም 1.5 ነው።

የማይታጠፍ ሲያጋጥም

R2ን ለሁለት ከፍለን 6 እና 6 ኦም አደረግነው፤ ከመሃላቸው ወደ አረንጓዴው አንድ ሌላ ሬዚስተር ዘረጋን እንበል። አሁን የቀለም ዝርዝሩ ላይ ሲሪስም ፓራለልም የሆነ ጥንድ አታገኙም። ይህ ብሪጅ ይባላል፤ ጉስታቭ ኪርቾፍ እ.ኤ.አ. በ1845 ባወጣቸው ሕጎች ለየመገናኛው የገባና የወጣ ከረንት እኩልታ መጻፍ ያስፈልጋል። በማጠፍ ለመፍታት አትድከሙ።

አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለ። R2 የተከፈለው ከላይ 4፣ ከታች 8 ኦም ሆኖ ቢሆን፣ መሃሉ ላይ የሚገኘው 7.5 ሲቀነስ 2፣ ማለትም 5.5 ቮልት ነው፤ አረንጓዴውም 5.5 ነው። በሁለት እኩል ነጥቦች መካከል ከረንት ስለማይሄድ መሃል ያለውን ሬዚስተር አውጥታችሁ እንደ በፊቱ ትሠራላችሁ። ፈተና ላይ ብሪጅ ስታዩ መጀመሪያ ይህን ምጣኔ አረጋግጡ።

በእጅ መሞከር ለሚፈልግ

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ብሬድቦርድ ላይ አትሰኩ። R1 ላይ 4.5 ቮልት በ1.5 አምፒር ሲባዛ 6.75 ዋት ነው፤ የተለመደችው የሩብ ዋት ሬዚስተር ወዲያው ትቃጠላለች። ሁሉንም በሺህ አባዙና በኪሎ ኦም ሥሩ። ከረንቱ ወደ ሚሊአምፒር ይወርዳል፣ ቮልቴጆቹ ግን አንዳቸውም አይለወጡም። 4 ኪሎ ኦም ገበያ ላይ ስለማይገኝ 3.9 ተጠቀሙ፤ ከA እስከ B ያለው 6 ቮልት ወደ 5.97 ነው የሚወርደው። ወርቃማ ቀለበት ያላት ሬዚስተር 5 በመቶ ልትዛነፍ ስለምትችል መልቲሜትሩ 5.9 ወይም 6.1 ቢያሳያችሁ አትጨነቁ።

መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርጋችሁ ጫፎቹን A እና B ላይ አስነኩ። አምፒር ላይ እንዳለ በሬዚስተር ጎንና ጎን አትንኩበት፤ ሬዚስተሩን ሾርት ያደርገዋል፣ ፊውዙም ሊሄድ ይችላል።

ንባቡ ከ6 በጣም ከራቀ ቁጥሩ ራሱ የት እንዳለቀቀ ይናገራል። 7.2 አካባቢ ካያችሁ የR2 እግር በደንብ አልገባም፤ R2 ሲወጣ ጠቅላላው ወደ 10 ኪሎ ኦም ስለሚጠጋ ከረንቱ ወደ 1.2 ሚሊአምፒር ይወርዳል፣ በ6 ኪሎ ኦሙ መንገድ ላይ ደግሞ 7.2 ቮልት ያርፋል። 9 ቮልት ካያችሁ የተቋረጠው ከR3 እና ከR4 አንዱ ነው፤ የቀረው 12 ኪሎ ኦም ብቻ ስለሆነ ጠቅላላው 16 ይሆናል። ንባቡ 12 ከሆነ ወይ ሁለቱም መንገዶች ተቋርጠዋል፣ ማለትም R2ም ከR3 እና ከR4 አንዱም፤ ወይ ደግሞ የሜትሩ ሁለት ጫፎች በስህተት ባትሪው ላይ አርፈዋል። ያን ጊዜ ጥቁሩ የሜትር ጫፍ B ላይ መሆኑን፣ ቀዩም ከR1 በፊት ሳይሆን ከR1 በኋላ A ላይ መሆኑን እዩ።