ጥቁሩ በዛ! የፌራይትና የፐርላይት ድርሻ ከስሌቱ አልገጥም ሲል

ባለፈው ሳምንት ከድሬ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ከዚራ ውስጥ ቶርኖ ቤት ነው የሚሠራው። ገና ሰላም ሳይለኝ «ጋሼ፣ ተጭበርብረናል አቦ!» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 0.40 በመቶ ካርበን አለው ተብሎ የተሸጠላቸው 30 ሚሊሜትር ክብ ብረት አለ። ልጁ ቁራጭ ወስዶ አሞቀው፣ አቀዘቀዘው፣ ከዚያ በአንድ ኮሌጅ ማይክሮስኮፕ አየው። ግማሽ በግማሽ ይሆናል ብሎ የጠበቀው፣ ፐርላይት የሚባለው ጥቁር ክፍል 70 በመቶ ሆኖ ቁጭ አለ። ወደ ኋላ ሲያሰላ የብረቱ ካርበን 0.54 ወጣ። ብረቱን ለነጋዴው ሊመልሱ ባጃጅ ላይ ጭነውት ነበር።

ብረቱ ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ ያለው ማቀዝቀዙ ላይ ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ልጁ ራሱ መጀመሪያ የወደቀበትን አንድ ጉድጓድ ላንሳ።

ምልክት፦ ስሌቱ 94 በመቶ ፌራይት ይላል፣ ዓይን የሚያየው ግን ግማሹን ነው

ካርበኑ ከ0.76 በመቶ በታች የሆነ ብረት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ሁለት ነገር በተራ ይሆናል። መጀመሪያ ኦስቴናይት ከሚባለው የጋለ ብረት መልክ ውስጥ፣ በእህሎቹ ድንበር ላይ፣ ነጭ ፌራይት ይወጣል። ፌራይት ካርበን ስለማይችል የሚተፋው ካርበን በቀረው ኦስቴናይት ውስጥ ይከማቻል። 727 ዲግሪ ላይ ሲደርስ የቀረው ኦስቴናይት 0.76 ካርበን ይኖረዋል። ያኔ ሁሉም ወደ ፐርላይት ይለወጣል። ፐርላይት ማለት የፌራይትና የሴሜንታይት ስስ ንጣፎች ተደራርበው ማለት ነው።

ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው። ፐርላይት ራሱ 89 በመቶው ፌራይት ነው። ድርሻውን የምናሰላበትን ማንሻ ከፌራይቱ ካርበን 0.022 እስከ ሴሜንታይቱ 6.70 ከዘረጋችሁት፣ ቀድሞ የወጣውንም በፐርላይቱ ውስጥ የተደበቀውንም ፌራይት አንድ ላይ ቆጠራችሁ ማለት ነው። 94 የሚወጣው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ስህተት የለበትም፣ ማይክሮስኮፑ ግን ያንን አያሳያችሁም።

መፍትሄው ማንሻውን 0.76 ላይ ማቆም ነው።

```
ፐርላይት = (0.40 - 0.022) / (0.76 - 0.022) = 0.51
ፌራይት  = 1 - 0.51 = 0.49
```

በዓይን የሚታየው ነጭና ጥቁር ይሄ ነው። መጻሕፍት ኦስቴናይቱ ሁሉ ፐርላይት ለሚሆንበት ነጥብ፣ ማለትም ለዩቴክቶይዱ፣ 0.76፣ 0.77 ወይም 0.8 ይጽፋሉ። ልዩነቱ መልሱን በሁለት በሦስት በመቶ ቢያንቀሳቅስ ነው፤ ከ51 ወደ 70 አያደርሰውም።

ምልክት፦ ጥቁሩ ከስሌቱ በጣም በልጧል

መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ አሲዱ ነበር። ናሙናው በናይትሪክ አሲድና በአልኮል ውህድ ውስጥ ብዙ ከቆየ ፐርላይቱ ይጠቁራል፣ ድንበሩ ያብጣል፣ ነጩን ይበላል። ሁለት በመቶ አሲድ ካለው ውህድ ጋር ጥቂት ሰኮንዶች ይበቃሉ። ልጁ ይሄን በደንብ ነው የሠራው። ቆጠራውም ጥሩ ነው፦ በፕላስቲክ ላይ 10 በ10 መስመር አስምሮ ፎቶው ላይ ደርቦ፣ መገናኛዎቹ ስንቱ ጥቁር ላይ እንደወደቁ ቆጥሯል። ያውም በአምስት ቦታ።

«እንዴት ነው ያቀዘቀዝከው?» አልኩት።

«ከምድጃ አውጥቼ ጡብ ላይ አስቀመጥኩት። ቀስ ብሎ ነው የቀዘቀዘው ጋሼ፣ ድሬ አይደል እንዴ!»

ሳቄ መጣ። የድሬ ሙቀት ሰውን እንጂ ብረትን አያታልልም። 727 ዲግሪ ላይ ያለ ብረት 35 ዲግሪ አየር ውስጥ ሲቀመጥ ልዩነቱ 692 ነው። ሐረር ወጥቶ በ20 ዲግሪ ቢያቀዘቅዘው ደግሞ 707 ይሆናል። ለብረቱ ሁለቱም አንድ ናቸው። ይህን ያህል ውፍረት ያለው ብረት በአየር ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ነው ወሳኙን ሙቀት አልፎ የሚወርደው።

ይሄ ለምን ጥቁሩን ያበዛዋል? ፌራይት እንዲያድግ ካርበን ከፊቱ መሸሽ አለበት። ካርበን በጠጣር ብረት ውስጥ እየተጓዘ ነው የሚሸሸው፣ ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ ካጣ 49 በመቶ መውጣት የነበረበት ፌራይት 30 ላይ ይቆማል። ሙቀቱ ግን አይጠብቀውም፤ ከ727 በታች ይወርድና የቀረው 70 በመቶ ኦስቴናይት እንዳለ ፐርላይት ይሆናል። የብረቱ ካርበን አልጨመረም። ስለዚህ ያ ፐርላይት 0.76 ሊኖረው አይችልም፦

```
(0.40 - 0.30 × 0.022) / 0.70 = 0.56
```

ልክ ውሃ የበዛበት ሻይ ማለት ነው። ብርጭቆው ሞልቷል፣ ሻይ ቅጠሉ ግን ያው ነው። ልጁ ጥቁሩን ሁሉ ሙሉ 0.76 ያለው አድርጎ ስለቆጠረው ነው 0.54 የወጣለት። በማንሻው ወደ ኋላ ሄዶ ካርበን መገመት የሚቻለው በጣም ቀስ ብሎ ለቀዘቀዘ ብረት ብቻ ነው።

ብረቱ ካርበን በዝቶበት ነው ወይስ ፈጥኖ ቀዝቅዞ? ይሄን የሚለየው የፐርላይቱ መልክ ነው። በ500 እጥፍ ስታዩት ንጣፎቹ እንደ ጣት አሻራ መስመር ከተለዩ፣ ቀስ ብሎ ቀዝቅዟል ማለት ነው፤ ያኔ ካርበኑን ጠርጥሩ። መስመር የሌለው ጥቁር ጭቃ ከመሰለ ፈጥኗል። የጥንካሬ መለኪያ ካላችሁ፣ 0.40 ካርበን ያለው ብረት ምድጃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ 149 ብሪኔል ገደማ፣ በአየር ሲቀዘቅዝ 170 ገደማ ይሰጣል። ልጁ የላከልኝ ፎቶ ጭቃ ነበር።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ሰዓት ይበላል እንጂ። ያንኑ ቁራጭ መልሶ 840 ዲግሪ ማሞቅ፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ አድርጎ ማቆየት፣ ከዚያ ምድጃውን ሳይከፍቱ በሰዓት 25 ዲግሪ እያወረዱ 650 ማድረስ። ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከ650 በታች ለውጡ አልቋል፤ ከዚያ አውጥታችሁ ጡብ ላይ ብታስቀምጡት ድርሻው አይቀየርም። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቱ። ትንሽ ምድጃ ግን በራሱ ከሚፈለገው በላይ ፈጥኖ ስለሚወርድ፣ መብራት የጠፋው ከ650 በላይ ሳለ ከሆነ ከ840 እንደገና መጀመር ነው።

ልጁ ማታ ለኩሶት አደረ። በማግስቱ ጥቁሩ 54 በመቶ መጣ። ከ51 ያለፈችው ሦስቷ አታስጨንቅም። እንዲህ ያለ የገበያ ብረት ማንጋኒዝ አለው፣ ማንጋኒዝ ደግሞ የዩቴክቶይዱን ካርበን ከ0.76 ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ማካፈያው ሲያንስ ፐርላይቱ ይጨምራል። ብረቱ ከባጃጁ ወረደ።

ምልክት፦ መሃሉ ልክ ነው፣ ጠርዙ ግን ነጭ ብቻ ነው

ይሄ ሁለተኛው ማሞቅ ያመጣው ጣጣ ነው። ብረት በትኩስ አየር ውስጥ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ከቆዳው ላይ ያለው ካርበን ከኦክስጅን ጋር ተያይዞ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ጠርዙ ላይ ፐርላይት የሚሠራበት ካርበን አይቀርም። እዚያ ላይ የቆጠረ ሰው ብረቱ 0.2 ነው ብሎ ሌላ ጠብ ያነሳል።

ለቆጠራ ከሆነ ናሙናውን መሃል ለመሃል ቆርጦ ከጠርዙ ራቅ ብሎ መቁጠር ይበቃል። ዕቃው ራሱ የሚሞቅ ከሆነ ግን ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ በካስት አይረን ፍቅፋቂ ቅበሩት፤ ቶርኖ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ሞልቷል። በከሰል ብቻ መቅበር አልወድም። ረዥም ሰዓት ከቆየ ካርበን ይሰጠውና ጠርዙ በተቃራኒው ይጠቁራል። ዕቃው ገና የሚላጥ ከሆነ ደግሞ ነጩ ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው በማይክሮስኮፑ ለኩና ያንን ያህል ትርፍ ተዉለት፤ ቶርኖው ላይ ይነሳል።