ጥርስ ስንቆጥር የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ቻርት መሙላት በጀመርኩ ሰሞን ቀኝና ግራ ያምታታብኝ ነበር። ቻርቱ የሚከተለው የታካሚውን ቀኝ ነው። ፊት ለፊት ስታዩት የእሱ ቀኝ በእናንተ ግራ በኩል ይውላል፤ ወረቀቱም የተሳለው እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ስህተት የቁጥሩ አነባበብ ነው። በኤፍዲአይ አቆጣጠር የመጀመሪያው አሃዝ የአፉን ሩብ ይናገራል፦ ላይ ቀኝ 1፣ ላይ ግራ 2፣ ታች ግራ 3፣ ታች ቀኝ 4። ሁለተኛው አሃዝ ከመሃል ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራል። ስለዚህ 36 «ሠላሳ ስድስት» ሳይሆን «ሦስት ስድስት» ነው፤ የታችኛው ግራ የመጀመሪያ መንጋጋ። አሜሪካ ውስጥ ግን ከላይ ቀኝ የጥበብ ጥርስ ተነስተው ከ1 እስከ 32 በተከታታይ ይቆጥራሉ። እዚያ 18 ማለት የታች ግራ ሁለተኛ መንጋጋ ነው፤ በኤፍዲአይ ግን የላይ ቀኝ የጥበብ ጥርስ። የሚነቀል ጥርስ ከሆነ አስቡት! አሜሪካ ሄዳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከቁጥሩ ጎን የጥርሱን ስም በቃል ጻፉ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ግን የተነቀለ ጥርስ ሲኖር ነው። አንድ ታካሚ 36 ከልጅነቱ ጀምሮ የለውም እንበል። 37 ቀስ በቀስ ወደ ፊት ተጠግቶ ክፍተቱን ዘግቶታል። ጀማሪው ከ35 ቀጥሎ መንጋጋ ያያል፣ «36» ብሎ ይጽፋል። ጥርስ ግን ቦታ ስለቀየረ ቁጥሩ አይቀየርም። መለያው ጉብታው ነው፦ የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጉብታ አለው፣ ሦስት በጉንጭ፣ ሁለት በምላስ በኩል። ሁለተኛው አራት ጉብታ ሲኖረው መሃሉ ላይ ያለው ስንጥቅ የመስቀል ቅርጽ ይይዛል። ጥርሱ ካለቀ ወይም ከተሞላ ይህ አይታይም፤ ያኔ «እዚህ ጋ ጥርስ ተነቅሎልዎታል?» ብሎ መጠየቅ፣ ራጅም ማየት ነው።

ከዚያ የጥርሱ ገጾች ይመጣሉ። ሚዚያልን «የፊት»፣ ዲስታልን «የኋላ» ብሎ መያዝ መንጋጋ ላይ ያስኬዳል፤ የፊት ጥርስ ላይ ግን ጉድ ይሠራል። ሚዚያል ማለት የጥርሱን ረድፍ ተከትሎ ወደ መሃል መስመር የዞረው ጎን ነው። ስለዚህ 11 እና 21፣ ታች ደግሞ 31 እና 41 የሚነካኩት ሚዚያል ለሚዚያል ነው። ከዚያ ውጭ የአንዱ ዲስታል የቀጣዩን ሚዚያል ይነካል።

የሚያኝከው ገጽ ኦክሉዛል ነው፤ የፊት ጥርስና ክራንቻ ግን ጠርዝ እንጂ ማኘኪያ ገጽ ስለሌላቸው ኢንሳይዛል ይባላል። 11 ላይ `MO`፣ ማለትም ሚዚያልና ኦክሉዛል፣ ተጽፎ ካያችሁ ወይ ቁጥሩ ወይ ፊደሉ ተሳስቷል። ወደ ምላስ ያለው ሊንጓል፣ የላይኛው ረድፍ ጥርስ ላይ ሲሆን ግን በላንቃ በኩል ስለሆነ ፓላታል።

ወደ ታካሚያችን እንመለስ። የ37 ሚዚያል አሁን 35ን ይነካል። እዚያ ቀዳዳ ቢገኝ ቻርቱ ላይ 36 «የለም» ተብሎ ይመዘገባል፣ ቀዳዳው ደግሞ 37 ሚዚያል ላይ።