የአሮጌ ቤት ግድግዳ እንዴት ይነበባል? የቱ ቀድሞ፣ የቱ ኋላ ተሠራ?

አንድ አሮጌ የጡብ ቤት እንድለካ ተጠርቼ ሄድኩ። የፊት ግድግዳው 11 ሜትር ይሆናል። ባለቤቱ «አንድ ጊዜ የተሠራ ቤት ነው» ብሎኛል። ግድግዳው ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። እንዴት እንዳነበብኩት ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ እዩ

ሜትር ከማውጣታችሁ በፊት ግድግዳው በሙሉ በዓይናችሁ እስኪገባ ወደ ኋላ ሂዱ። ፀሐይዋ ግድግዳውን በጎን የምትመታበት ሰዓት ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ጥላው እብጠቱንና ስርጉዱን ያወጣዋል። ልስን ያለበት ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ማታ ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በአግድም አብሩ። የተደፈነ መስኮት ብዙ ጊዜ በልስኑ ሥር እንደ ክፈፍ ብቅ ይላል።

እኔ ከሩቅ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ከግራ ጥግ 7 ሜትር ላይ ከመሬት ተነስቶ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር አለ። 2.70 ሜትር ላይ ሲደርስ ይጠፋል።

ቀጥ ያለውን መስመር መርምሩ

ግንበኛ ጡብ ሲደረድር የላይኛው ረድፍ የታችኛውን መጋጠሚያ እንዲሸፍን አድርጎ ነው። ስለዚህ በብዙ ረድፎች ላይ ሳይቆረጥ የሚወጣ ቀጥ ያለ መጋጠሚያ በዘፈቀደ አይመጣም። ስንጥቅም አይደለም። ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ደረጃ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ጡቡን ራሱን ይሰነጥቀዋል።

ቀጥሎ አራት ረድፍ ለኩ። አንድ ጡብ ብቻ ከለካችሁ ትሳሳታላችሁ፣ ምክንያቱም የአሮጌ ጡብ መጠኑ ከአንዱ አንዱ ይለያል። አራት ረድፍ ከነማልታው ስትለኩ ግን ልዩነቱ ይቻቻላል። በመስመሩ ግራ 27 ሴንቲሜትር፣ በቀኝ 31 ሴንቲሜትር አገኘሁ። ረድፎቹም መስመሩ ላይ ሲደርሱ አይገናኙም። ሁለት ጊዜ የተሠራ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በግራም በቀኝም ጡቡ፣ ማልታውና የረድፉ ከፍታ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ መስመሩ ግድግዳው በሙቀትና በብርድ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ እንዳይሰነጠቅ ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ እንዲህ ያለውን ክፍተት ቅጥያ ነው ብዬ ሥዕል ላይ አስፍሬ አፍሬያለሁ። ውስጡ ለስላሳ መሙያ እንዳለ በቀጭን ቢላ ብነካው ኖሮ ይበቃኝ ነበር።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ጡቦቹ እንደ ጥርስ ተጠላልፈው ብታገኟቸው ወዲያው «አብሮ የተሠራ ነው» አትበሉ። ጎበዝ ግንበኛ የድሮውን ግድግዳ እየጠረበ አዲሱን ሊያስተሳስረው ይችላል። ያኔ ጥርሱ አካባቢ የተሰበረ ጡብና የበዛ ማልታ ይታያል።

የትኛው ቀደመ?

ለዚህ ምርጥ ምስክሬ ቁራጭ ጡብ ነው። ግድግዳ ጥግ ላይ ወይም በርና መስኮት ጎን ላይ ሲጨርስ፣ በብዙ የጡብ አደራደር ግንበኛው ከመጨረሻው ጡብ አጠገብ ጠባብ ቁራጭ ያስገባል። አንድ ረድፍ ዘልሎ ደግሞ ይደግመዋል። እንዲህ የሚደረገው መጋጠሚያው ከላይና ከታች እንዳይገጣጠም ነው። ስለዚህ በግድግዳ መሐል እንዲህ የቆሙ ጠባብ ቁራጮች ካያችሁ፣ በአንድ ወቅት ጥግ ወይም የበር ወይም የመስኮት ጎን እዚያ ነበር።

በዚህ ቤት ቁራጮቹ ያሉት ከመስመሩ በስተግራ ብቻ ነው። የግራው ግድግዳ እዚያ በሥርዓት ጨርሷል። የቀኙ መጥቶ ተለጠፈበት። ከዚያ በመስመሩ ውስጥ ቢላ ሳስገባ የነጭ ኖራ ቅብ ይዞ ወጣ። ቅቡ ያለው የግራው ግድግዳ የውጭ ጎን ላይ ነው፣ ማለትም ያ ጎን በአንድ ወቅት ሜዳ ላይ ይታይ ነበር። ጥያቄው ተዘጋ።

ከ2.70 በላይ ያለው ክፍል ደግሞ በሁለቱም ላይ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ስለዚህ ከሁለቱም በኋላ የመጣ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ሲደረግ የተሠራ ይመስላል። በግራ በኩል ያለው የመጀመሪያ ማልታ ወፈር ይላል። የግራው 40 ረድፍ 2.70 ላይ፣ የቀኙ 35 ረድፍ 2.71 ላይ ስለጨረሱ ግንበኛው በማልታ አስተካክሏቸዋል።

ማልታውን ጫር አድርጉት

ሁለቱም የታችኛዎቹ ክፍሎች በኖራ ማልታ ነው የተሠሩት። በምስማር ሲጫር ይፈረፈራል፣ ነጫጭ የኖራ ቅንጣቶችም ይታያሉ። የላይኛው ግን ግራጫና ድርቅ ያለ ሲሚንቶ ነው። ፖርትላንድ ሲሚንቶ ፓተንት ያገኘው በ1824 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በሱ የተገነባ ክፍል ከዚያ አይቀድምም። ከዚያ ስንት ዓመት ዘግይቶ እንደተሠራ ግን ሲሚንቶው አይነግራችሁም።

መጋጠሚያው ከፊት ብቻ በኋላ ታድሶ ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ። የፊቱ ሁለት ሴንቲሜትር ሲሚንቶ፣ ከኋላው ኖራ ይሆናል። የረገፈ ቦታ ፈልጋችሁ ጥልቁን እዩ። ደህና የቆመ መጋጠሚያ እንዳትቆፍሩ።

የተደፈነውን በር ጠይቁት

በግራው ክፍል ላይ አንድ መስኮትና አንድ የተደፈነ በር አለ። ሁለቱን ማወዳደር ነው። የመስኮቱ ጎኖች በጠባብ ቁራጮች ያማሩ ናቸው፣ ከላይም የጡብ ቅስት አለው። ይህ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። የበሩ ጎኖች ግን ያለ ሥርዓት የተሰበሩ ጡቦች ናቸው፤ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ሦስት አራተኛ። ከላይ ያለውም እንጨት ነው። እንግዲህ በሩ መጀመሪያ አልነበረም። ግድግዳው ተሰብሮ ተከፈተ፣ ቆይቶ ደግሞ ተደፈነ። አንድ በር፣ ሁለት ታሪክ።

መድፈኛው የቀኙ ክፍል ዓይነት ወፍራም ጡብ ነው፣ ማልታው ግን ሲሚንቶ። ጡብ ተርፎ ወይም ከሌላ ቦታ ተነቅሎ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከጡቡ ይልቅ ማልታውን አምናለሁ። ወደ ውስጥ ስገባ ደግሞ የላይኛው ክፍል የሲሚንቶ ልስን ሳይቆረጥ ወርዶ መድፈኛውን ሸፍኖታል። ስለዚህ በሩ የተደፈነው ጣሪያው ከፍ ሲል ነው፣ ወይም ከዚያ በፊት።

ቅደም ተከተሉን ሣሉ

ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ስጡና አንዱ ሌላውን የሚነካበትን ቦታ ብቻ ተከትላችሁ ከታች ወደ ላይ አያይዟቸው። ይህን ዓይነት ሥዕል ኤድዋርድ ሃሪስ በ1973 እ.ኤ.አ. ለአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ነበር ያወጣው፤ ለግድግዳም ልክ ይሆናል። የኔው እንዲህ ሆነ፦ 1 የግራው ክፍል፣ 2 የቀኙ ቅጥያ፣ 3 የበሩ መከፈት፣ 4 የበሩ መደፈን፣ 5 የላይኛው ክፍል። 2 እና 3 ሁለቱም ከ1 በኋላ ናቸው፣ እርስ በርሳቸው ግን አይነካኩም። ስለዚህ ቁጥራቸው ቢከታተልም ሥዕሉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። 4 እና 5ን የሚያገናኘው የውስጡ ልስን ነው፣ አጠገባቸው ጻፍኩት።

ባለቤቱ ወረቀቱን አይቶ «ታዲያ ከቅጥያውና ከበሩ የቱ ይቀድማል?» አለኝ። የውስጡ ልስን የሚነሳበት ቀን ካለ ይጥሩኝ አልኩት።