ሊቲየም ባትሪን በኒኬል ካድሚየም ደንብ አትግደሉት

«ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቻርጅ አታድርገው፣ ሜሞሪ ይይዛል።» ይህን ምክር ያልሰማ የስልክ ባለቤት ያለ አይመስለኝም። ምክሩ በድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ዘመን እውነት ነበረው። ዛሬ በስልካችሁ፣ በላፕቶፓችሁና በአዳዲሶቹ ድሪሎች ውስጥ ያለው ግን ሊቲየም ነው። እዚያ ላይ ምክሩ ባትሪ ይገድላል። ሰው በገዛ እጁ ደህና ባትሪ ሲያጠፋ ማየት ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው።

ሊቲየምን «ሜሞሪው ይጥፋ» ብሎ አሟጦ መጨረስ

አንድ ወጣት አናጺ 12 ቮልት የተጻፈበት የድሪል ባትሪ ይዞ መጣ። ቻርጀሩ ቀይ ያበራል እንጂ አይሞላውም።

«ምን አደረግከው?»

«ጋሼ፣ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ሲያስቸግረኝ ሜሞሪ ይዟል ብዬ የመኪና አምፖል አስሬበት አሳደርኩት።»

ከፈትኩት። ውስጡ ሦስት የሊቲየም ሴሎች አሉ። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ሲያልቅም ከ2.5 በታች መውረድ የለበትም። እኔ የለካሁት 1.9፣ 1.6 እና 0.6 ነበር። ድሪሉ ላይ እንዳለ ቢያልቅ ኖሮ ድሪሉ ራሱ ቀድሞ ያቆመው ነበር። በብዙ ድሪሎች ግን ያ መቆጣጠሪያ ያለው መሣሪያው ውስጥ እንጂ ባትሪው ውስጥ አይደለም። አምፖሉን ግን ማን ያስቁመው?

ሊቲየም ሴል እንዲህ ሲወርድ በኔጌቲቩ በኩል ያለው ስስ የመዳብ ወረቀት መሟሟት ይጀምራል። መልሳችሁ ስትሞሉት የሟሟው መዳብ በማይገባው ቦታ ይጋገርና ሴሉን ከውስጥ ሾርት ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ቻርጀሩ እምቢ ያለው ተበላሽቶ ሳይሆን እናንተን እየጠበቀ ነው። ከሌላ ባትሪ ሽቦ ስበው «ሊቀሰቅሱት» የሚሞክሩ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት፣ እሳት ያስነሳል።

ልጁን መጀመሪያ ያስቸገረውም ሜሞሪ አልነበረም። 0.6 ያሳየው ሴል ከሌሎቹ ቀድሞ ደክሟል፣ ሲያልቅ ደግሞ ሦስቱንም ይዞ ይቆማል።

ሁሉም ባትሪ ውስጡ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

በኒኬል ካድሚየም ኔጌቲቭ ሳህን ላይ ያለው ካድሚየም በጣም ደቃቅ ነው። በተወሰነ መጠን ብቻ እየተጠቀማችሁ፣ በዚያ ላይ ከልክ በላይ እየሞላችሁ ስትደጋግሙት ደቃቁ ወደ ትልልቅ ክሪስታል ያድጋል። ኃይል የሚሰጠው ገጽ ይቀንሳል፣ ቮልቱም ከጊዜው በፊት ይወርዳል። በአንድ ሴል 0.1 ቮልት ገደማ ቢሆን ነው። 10 ሴል ያለው የድሮ ድሪል ላይ ግን 1 ቮልት ሙሉ ይሆናል። ኃይል እያለው ጉልበቱ ይከዳል፤ ሜሞሪ የሚባለው ይህ ነው። በደንብ ሲያልቅና እንደገና ሲሞላ ትልልቁ ክሪስታል ይፈርሳል፤ የድሮው ምክር የመጣው ከዚህ ነው።

ሊቲየም ውስጥ ይህ የለም። የሊቲየም አዮኖች በንብርብሮች መካከል እየገቡና እየወጡ ነው የሚሠራው። እንዲያውም በትንሽ በትንሹ መጠቀም ይስማማዋል። 40 በመቶ ላይ ቻርጅ ብትሰኩት ምንም አይሆንም። እርግጥ በ2013 ተመራማሪዎች ሊቲየም አይረን ፎስፌት በሚባለው ዓይነት ላይ ሜሞሪ መሰል ነገር አግኝተዋል። ግን የጥቂት ሚሊቮልት ጉዳይ ነው፣ የቀረውን ኃይል ለመገመት ያስቸግር ይሆናል እንጂ ባትሪውን አያሳንሰውም።

የመቶኛውን ቁጥር ባትሪው ማድረግ

ስልኩ 20 በመቶ ላይ ድርግም ሲል «ሜሞሪ ያዘ» ይባላል። ቁጥሩ ግምት ነው፣ ግምት ደግሞ ይስታል። አንድ ጊዜ ስልኩ ራሱ እስኪጠፋ ተጠቅማችሁ፣ ወዲያው ሳታቋርጡ እስከ 100 ሙሉት። የሚስተካከለው ቁጥሩ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላም ካሜራ ስትከፍቱ የሚጠፋ ከሆነ ሴሉ አርጅቷል፣ ቀይሩት።

አዲስ ስልክ 8 ሰዓት ቻርጅ ማድረግ

ይህም ከኒኬል ዘመን የቀረ ነው፤ የዛሬው ስልክ ሲሞላ ራሱ ያቆማል።

ኒኬል ካድሚየምን ዜሮ ማስገባት

የድሮ ድሪል ያላችሁ ደግሞ ምክሩን ስትጠቀሙበት ልክ ይኑረው። ለአንድ ሴል 1 ቮልት ነው፣ ስለዚህ 10 ሴል ካለው 10 ቮልት ላይ አቁሙ። ከዚያ ካለፋችሁ ደካማውን ሴል ሌሎቹ በግድ ይነዱትና ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ይገለበጣል። አምፖል ስታስሩ መልቲሜትሩን አብራችሁ ሰክታችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ትታችሁት አትተኙ። አምፖሉ እየበራ ቮልቱ ቶሎ ወደ 11 ወርዶ እዚያው ረጅም ጊዜ ከቆየ ሜሞሪ ነው፣ ይድናል። ሳይቆም ቁልቁል ከሄደ ግን ሴሉ አልቋል። ሁለት ሦስት ዙር ሞክራችሁ ለውጥ ከሌለ ክፈቱትና ሴሎቹን አንድ በአንድ ለኩ። ሞልታችሁትም ዜሮ የሚያሳይ ሴል ካለ ውስጡ ሾርት ሆኗል፣ እሱን ምንም ያህል ብታፈሱት አይመለስም።