በሦስቱ በሮች እንቆቅልሽ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲበረታ ቡና አልቆም ቢሆን ከፍሙ አጠገብ ማንም አይነሳም። ባለፈው እንዲያ እንደተቀመጥን የሦስቱን በሮች እንቆቅልሽ አነሳሁ፦ ከሦስት በሮች ከአንዱ ኋላ ሽልማት አለ፤ እርስዎ አንዱን ይመርጣሉ፣ ሽልማቱ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ከቀሩት ባዶውን ይከፍትና ምርጫዎን ይቀይሩ እንደሆነ ይጠይቅዎታል። በር ስላልነበረን ሦስት ሲኒ ደፋሁና ከአንዱ ሥር የባቄላ ፍሬ ደበቅሁ። አጎቴ አንዱን መረጡ። እኔ ፍሬዋ የት እንዳለች ስለማውቅ ከቀሩት ሁለቱ ባዶውን አነሳሁ።

«ጋሼ፣ ይቀይራሉ?»

«ምን ለውጥ አለው? ሁለት ቀሩ፣ ሃምሳ ሃምሳ ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው። አጎቴ ብቻቸውን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓምደኛዋ ማሪሊን ቮስ ሳቫንት ስለዚሁ እንቆቅልሽ በአሜሪካ መጽሔት ላይ «መቀየር ይሻላል» ብላ ስትጽፍ ወደ 10,000 ደብዳቤ ጎርፎላታል። አብዛኛው «ተሳስተሻል» የሚል ነበር፤ ከጸሐፊዎቹም ዶክትሬት ያላቸው ብዙ ነበሩ።

ሁለት ነገር ስለቀረ ብቻ ዕድሉ እኩል አይሆንም። 30 ጊዜ ተጫወትን እንበል። መጀመሪያ ሲመርጡ ፍሬዋን የሚያገኙት 10 ጊዜ ያህል ነው። በቀሩት 20 ጊዜ ፍሬዋ ካልመረጧቸው ሁለት ሲኒዎች በአንዱ ሥር ናት። ያኔ እኔ ማንሳት የምችለው አንድ ባዶ ሲኒ ብቻ ነው፤ ፍሬዋ ያለችበትን አልነካም። ስለዚህ ሳይነሳ የቀረው ሲኒ ፍሬዋን ይዟል። የሚቀይር ሰው 20 ጊዜ ያሸንፋል፣ የሚጸና 10 ጊዜ።

ሁለተኛው ስህተት የሚያነሳው ሰው ማወቁን መርሳት ነው። ይሄ ስውር ነው፣ ለእኔም ቆይቶ ነው የገባኝ። ፍሬዋ የት እንዳለች የማያውቅ ልጅ ካልተመረጡት አንዱን ዝም ብሎ ያንሳ። ከ30ው 10 ጊዜ ፍሬዋ ራሷ ትገለጥና ጨዋታው ይበላሻል። በቀረው 20 ውስጥ 10 ጊዜ እርስዎ በመረጡት፣ 10 ጊዜ በሌላው ሥር ናት። እዚህ ላይ የአጎቴ ሃምሳ ሃምሳ ትክክል ነው! ያው ባዶ ሲኒ ተነሳ፤ ግን የእኔ ማንሳት ፍንጭ ይሰጣል፣ የልጁ ግን አይሰጥም።

ሦስተኛው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ መፍረድ። አጎቴ ሳይቀይሩ ሦስት ጊዜ ተጫውተው ሁለቴ አሸነፉና «አላልኩህም?» አሉ። በሦስት ዙር እንዲህ መሆኑ ብርቅ አይደለም፤ በአማካይ ከአራት አንዴ ገደማ ያጋጥማል። እስከ 30 እንቁጠር ብዬ ለመንኳቸው። ከሰል ጨመርን፣ እኔ እየደበቅሁ እሳቸው ሁሌም እየቀየሩ ተጫወትን። 19 ጊዜ አሸነፉ።

ፍሬዋን አገላብጠው አዩና «በል፣ አሁን እኔ ልደብቅ» አሉኝ።